ድምፅ ሲዘጋ ውሃ አይከፍተውም፤ ሹክሹክታም እረፍት አይደለም

"ውሃ ጠጪ፣ አትናገሪ፣ ነገ ይከፈታል።" መርሳ ላይ ድምፁ የተዘጋ ሰው ሁሉ ይህን ይሰማል። እኛ ባለሙያዎችም እንለዋለን። "ነገ" የሚለው ግን ልክ አይደለም።

አንዲት መምህርት በጉንፋን ድምፇ ከተዘጋ በአምስተኛ ቀኗ መጣች። በቀን 4 ሊትር ውሃ ትጠጣለች፤ ከ60 በላይ ተማሪ በሹክሹክታ ታስተምራለች፤ አሞክሳሲሊንም ጀምራለች። ድምፇ ግን ብሶበታል።

ለምን? ጉሮሯችን ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ሴት ስትናገር በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይጋጫሉ። ጉንፋን ወይም ጩኸት ሲያሳብጣቸው በደንብ አይገጥሙም፤ ድምፅ ይጎረንናል።

የምንጠጣው ውሃ አውታሮቹን አይነካም። ቢነካማ ትን ይለን ነበር! የሚደርሳቸው በደም በኩል ነው። ስለዚህ ትኩሳት ያለበትን ወይም ውሃ የጠማውን ሰው ይረዳል። ሽንታችሁ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ግን በቂ ጠጥታችኋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሽንት ቤት ያመላልሳል እንጂ ድምፅ አይከፍትም።

እረፍትም ቫይረሱን አይገድልም። ሥራው ያበጠው እንዳይፋተግ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ኳስ ሜዳ ጮሆ ወይም መናኸሪያ ተሳፋሪ ሲጠራ ውሎ ድምፁ ለተዘጋ ሰው ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። ለጉንፋን ግን ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ቀኑን ብዙ አያሳጥርም። ፍጹም ዝምታም አያስፈልግም። ለሁለት ሦስት ቀን ቀረብ ብላችሁ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ አጠር አድርጋችሁ ተናገሩ። ሹክሹክታ ብዙ ሰው ጉሮሮውን ጨምቆ እንዲናገር ስለሚያደርገው እረፍት አይደለም። ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግም እንዲሁ።

አሞክሳሲሊን? ቫይረስን አይነካም። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

መምህርቷ መድኃኒቱን ተወች፤ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ተማሪዎቿን አስነበበች፤ በጭብጨባ ጸጥ አሰኘች። በአስረኛው ቀን ድምፇ ተመለሰ። "ውሃው ነው" አለችኝ። አይደለም፤ ጊዜው ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ድምፁ ጎርንኖ ሲተነፍስ የሚያፏጭ ከሆነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረከረከ ዝንጅብል አታፍሉ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል! በፈላ ውሃ እንፋሎትም አታጥኑት፤ ያቃጥለዋል። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም።

አዋቂዎች ደግሞ ድምፃችሁ በ4 ሳምንት ካልተመለሰ ጉሯችሁ በመሣሪያ ይታይ። ሲጋራ የምታጨሱ፣ አንገታችሁ ላይ እብጠት ያለ፣ ደም የምትተፉ ወይም መዋጥ የሚያማችሁ ግን 4 ሳምንት አትጠብቁ። ያኔ "ጉንፋን ነው" ማለት ራስን ማታለል ነው።