«አንድ ጊዜ ደግሞ ቅረቢ» ሲባል

አንዲት እህታችን በሆስፒታል የሂሳብ ክፍል ለመቀጠር ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቅ አድርጋ ውሳኔ ስትጠባበቅ፣ «የክፍሉ ኃላፊም ሊያነጋግሩሽ ይፈልጋሉ» የሚል ኢሜይል መጣላት። «ምን ጎድሎኝ ነው?» ብላ ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ስትጽፍ ቀጠሮው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።

በእኔ አስተያየት ሊጥላት ያሰበ መሥሪያ ቤት የኃላፊውን ጊዜ አያባክንም ነበር። ዝምታ ግን እንደ እምቢታ ይቆጠራል። ስለዚህ መልሱ በዚያው ቀን ይሂድ፤ አጭርም ይሁን፦

«ስለ ጥሪው አመሰግናለሁ፤ ሥራውን አሁንም በጣም እፈልገዋለሁ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 9 እስከ 11 ሰዓት፣ ወይም ሐሙስ ከቀኑ 1 ሰዓት በኋላ ይመቸኛል። የሚያነጋግሩኝ እነማን ናቸው? በአካል ነው ወይስ በቪዲዮ? ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? አዘጋጅቼ የምመጣው ነገር አለ?»

ቀኖቹን ከመጻፋችን በፊት ፈረቃ የሚቀይረን ባልደረባ እናግኝ፤ የሰጡትን ቀን መልሶ መሰረዝ ያስነቅፋል። ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፤ የእነሱ ጠዋት 9 ሰዓት የእኛ 3 ሰዓት ነው። «ይህ የመጨረሻው ዙር ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅም ነውር አይደለም። «ለምን እንደገና?» የሚለውን ግን ለቤታችን እናቆየው።