«ገንዘቡ ጠፋብኝ» ወይስ «ገንዘቡን አጠፋሁት»?

በእኛ ልማድ ፍቅረኛውን ወይም የትዳር አጋሩን የበደለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሽማግሌ መላክን ነው። ውጭ አገር መኖራችን ይህን አላስቀረውም፤ ሽማግሌው በስልክም ቢሆን ይገባል። ሽምግልናን አልነቅፍም። ነገር ግን የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ እንጂ ጥፋትን መናገር አይደለም። የተበደለችው ልጅ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው ሦስት ትልልቅ ሰዎች ፊቷ ተቀምጠው ከሆነ፣ ተናዳ እንኳ ሳትጨርስ «በቃ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይው» ይመጣባታል። ስለዚህ የእኔ አቋም ደብዳቤው ይቅደም፣ ሽማግሌው እሷ ከፈለገች ይከተል የሚል ነው። ደብዳቤውም ሰበብ የሌለበት ይሁን። ይህ የመጨረሻው ሲባል ቀላል ይመስላል፣ ሲጻፍ ግን ይከብዳል።

እንዴት እንደሚከብድ ያየሁት አንድ ጓደኛዬ እዚህ አሜሪካ ለእጮኛው የጻፈውን ደብዳቤ ሳይሰጣት በፊት እንዳነብለት በጠየቀኝ ጊዜ ነው። ታሪኩን የምጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው። ለሠርጋቸው እንዲሆን በእሱ ስም 12 ሰው ያለበት ዕቁብ ገቡ። በወር 500 ዶላር ይጥላሉ፤ 250 ከእሱ፣ 250 ከእሷ። ዕጣው በ4ኛው ወር ወጣለትና 6,000 ዶላር ተቀበለ። አልነገራትም። ገንዘቡን በስልኩ የስፖርት ውርርድ በሰባት ሳምንት ጨረሰው። (የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. የፌዴራሉን ክልከላ ከሻረ ወዲህ በብዙ ግዛቶች መወራረድ ሻይ ከማዘዝ አይከብድም።) ዕቁብ ደግሞ ከወጣ በኋላም መጣሉ ይቀጥላል። እሷ ላለቀ ገንዘብ በየወሩ 250 ትልክለታለች፤ «ወጣልን?» ስትለው «ገና ነው» ይላታል። እንዲህ እያለ እስከ 9ኛው ወር ደረሰ።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «ውዴ፣ በጣም ከባድ ጊዜ ላይ ነበርኩ። ሳላስበው ውርርድ ውስጥ ገባሁና የዕቁቡ ገንዘብ ጠፋብኝ። እንዳትጎጂብኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

እዚህ ላይ አማርኛችንን እንታዘበው። «ጠፋብኝ» ስንል ተጎጂው ተናጋሪው ነው። ብርጭቆ ወርውሮ የሰበረ ልጅም «ተሰበረብኝ» ይላል። «ብኝ» የምትለዋ ቁራጭ አድራጊውን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥታ፣ መልሳ ደግሞ ጉዳት የደረሰበት ሰው አድርጋ ታስገባዋለች። «ሳላስበው» እና «ገባሁና»ም ያው ናቸው፤ ሰውዬው እየሄደ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ያስመስላሉ። «ሰይጣን አሳሳተኝ» ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ደግነቱ እሱን አልጻፈውም። «እንዳትጎጂብኝ ብዬ» ደግሞ ውሸቱን የውለታ ልብስ አልብሶ ማቅረብ ነው። ያልነገራት እንዳትጎዳ ሳይሆን እንዳትቆጣው ፈርቶ ነው፤ ስጠይቀውም ወዲያው ያመነው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከጎደለው ነገር የመጣ ነው። ረቂቁ ስለ ገንዘቡ ይናገራል እንጂ «ገና ነው» ስለተባለበት ጊዜ ሁሉ ዝም ይላል። «ገንዘቡን ከነገርኳት ሌላው ይገባታል» አለኝ። አይገባትም፤ ቆጥራ ትደርስበታለች፣ ያን ጊዜ ደግሞ ደብዳቤው ራሱ አዲስ ውሸት ይሆናል። በ2014 እ.ኤ.አ. ኢያል ፒር እና ሁለት ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ካጭበረበሩ ሰዎች መካከል ጥፋታቸውን በከፊል ብቻ ያመኑት ሁሉንም ካመኑት የባሰ ስሜት ተሰምቷቸው ነበር። ግማሽ ኑዛዜ ለተናዛዡም ዕረፍት አይሰጥም ማለት ነው።

ከሦስት ረቂቅ በኋላ መግቢያው እንዲህ ሆነ፦ «ዕቁቡ በ4ኛው ወር ወጥቶልናል። 6,000 ዶላሩን ተቀብዬ በሙሉ በስፖርት ውርርድ አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ‹ገና ነው› እያልኩ ዋሽቼሻለሁ፤ እያወቅሁ በየወሩ 250 ዶላር ተቀብዬሻለሁ። ያልነገርኩሽ እንዳትለይኝ ፈርቼ ነው።» ጥፋቱን የሚናገረው እያንዳንዱ ግሥ ላይ «እኔ» አለበት። ለማንበብ አይጥምም፤ እንዲጥምም አልተጻፈም።

ጓደኛዬ አጥብቆ የተከራከረኝ ማብራሪያ ላይ ነው። አገር ቤት ያሉ ወላጆቹ ገንዘብ ላክ እያሉ ያስጨንቁት ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን እውነት የሆነ ሰበብም ሰበብ ነው። የተጠቀምንበት መለያ ይህ ነበር፦ ዓረፍተ ነገሩን አውጣው፤ እሷ ለመወሰን የሚያስፈልጋት ነገር ጎደለባት? የወላጆቹ ጭንቀት ሲወጣ ምንም አልጎደለባትም። ውርርዱን መቼ እንደጀመረ፣ ሌላ ዕዳ እንዳለበት፣ የውርርድ አካውንቱን እንደዘጋ ወይም እንዳልዘጋ ሲወጣ ግን ይጎድልባታል። እነዚህ ቀሩ። ወላጆቹን እሷ ከጠየቀችው ይንገራት።

ቀጥሎ ክፍያው። «እክስሻለሁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ሂሳቡ መታየት አለበት። እሷ እስከ 9ኛው ወር ያዋጣችው 2,250 ዶላር ነው። የቀሩትን ሦስት ወራት ሙሉውን 500 እሱ ይጥላል፣ ሌሎቹ ዕቁብተኞች እንዳይጎዱ። ዕቁቡ ካለቀ በኋላ በወር 250 እየከፈለ በዘጠኝ ወር የእሷን ይጨርሳል። አብራው ብትቀጥልም ብትለየውም ክፍያው እንደማይቀር በግልጽ ጻፈ። ይህን ካልጻፈ መክፈሉ መደለያ ይሆን ነበር።

የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሮይ ሌዊኪ እና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. የይቅርታን ስድስት ክፍሎች ለሰዎች አቅርበው ሲያስመዝኑ፣ ከሁሉ የበለጠው ኃላፊነትን መቀበል፣ ቀጥሎ የተበላሸውን ለማስተካከል መነሳት ሆነ፤ መጨረሻ የወጣው «ይቅር በሉኝ» ብሎ መለመን ነው። ጥናቱ በሥራ ጉዳይ ላይ ስለነበር እንደ ፍቅር ሕግ አልወስደውም። ነገር ግን «ይቅርታ አድርጊልኝ» ትእዛዝ አንቀጽ መሆኑን ሳስብ ግኝቱ አይደንቀኝም፤ የተበደለችውን ሥራ ያዛታል። ጓደኛዬ «ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ መልስ እንድትሰጪኝ አልጠብቅም» ብሎ አቆመ።

አሰጣጡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ቴሌግራም ላይ የተላከ መልእክት ላኪው ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል፤ ስለዚህ በወረቀት ይሁን፣ በእጅ ይሰጥ፣ ሰጪውም ይሂድ። እያነበበች ፊቷን መጠበቅ የለበትም። ደብዳቤ የማይሆንባቸው ጉዳዮችም አሉ። ጥፋቱ የእሷን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ ለምሳሌ በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ካለ፣ ቃላት እያማረጡ ሳምንት መቆየት ሌላ በደል ነው፤ ዛሬውኑ በአፍ ይነገራት። የሦስተኛ ሰው ምስጢር ካለበት ደግሞ የራስን ድርሻ ብቻ መጻፍ ነው፤ የሌላውን ሰው ስም ማስገባት ጥፋት ማካፈል ይሆናል።

እጮኛው በ11ኛው ቀን መለሰች። ይቅር ብዬሃለሁም አላለች፣ አልልምም አላለች። ከ4ኛው ወር በፊት ያለውን የባንክ መግለጫ ላክልኝ አለችው፤ ውርርዱን መቼ እንደጀመረ የጻፈውን ልታመሳክር ነው። ላከላት። ሠርጉ እስካሁን ቀን አልተቆረጠለትም።