«ኮንክሪቱ ለ7 ቀን ይድረቅ»

ኢትዮጵያ ውስጥ የግንባታ ስፔስፊኬሽን በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አርማታውን የሚያቦካውና ሶሌታውን የሚሞላው ሠራተኛ ግን የሚሠራው በአማርኛ በተነገረው ነው። በመሐል የሚገባው ትርጉም ከመዝገበ ቃላት ከተቀዳ ጣጣው ወረቀት ላይ አይቀርም።

«ኪዩሪንግ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። እንግሊዝኛው ለትምባሆም ያገለግላል፤ እዚያ ማድረቅ ነው። ይህን ይዞ «ኮንክሪቱ ቢያንስ ለ7 ቀን ይድረቅ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ትእዛዙን ገለበጠው። ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለደረቀ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ነው። ውሃው ቶሎ ከተነነ ውህደቱ ይቆማል፤ ላዩ ይሰነጣጠቃል፣ በእጅ ሲታሽ ዱቄት ይለቃል።

በየሳይቱ የተለመደው «ውሃ ማጠጣት» ይሻላል፣ ግን እሱም ይጎድለዋል። አትክልት ጠዋትና ማታ ይጠጣል፤ ሶሌታም እንዲሁ ከተደረገለት ቀትር ላይ ደርቆ ይውላል። ስለዚህ ቃሉን ትቶ ሥራውን መጻፍ ይበጃል፦ «ገጽታው ለ7 ቀን፣ ቀንና ሌሊት፣ ሳይደርቅ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ በረጠበ ጆንያ ወይም በፕላስቲክ ይሸፈን።» ይረዝማል። ቢረዝምም ፎርማኑ የሚጠይቀው ነገር አይኖርም።

«ስላምፕ» ደግሞ በተቃራኒው ባይተረጎም ይመረጣል። «የኮንክሪቱ ውድቀት 75 ሚሊሜትር ይሁን» ቢባል ማን ይረዳዋል? ሰው ሕንፃ የፈረሰ ይመስለዋል። «ቁመቱ 75 ይሁን» ማለት ደግሞ የባሰ ነው። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ቁመቱ 300 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከላይ የጠበበ የብረት ቅርጽ በሦስት ዙር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል፤ ከዚያ ቅርጹ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ኮንክሪቱ ዝቅ ብሎ ቁመቱ 225 ላይ ከቆመ ስላምፑ 75 ነው። የቀረው ቁመት 75 ከሆነ ግን ስላምፑ 225 ይሆናል፤ ተራ አርማታ ከሆነ ይህ ሾርባ ነው። አንዲት ቃል ብትሳት ፎርማኑ ውሃ እየጨመረ ልክ ነኝ ይላል፤ የተጨመረችው ውሃ ደግሞ ጥንካሬውን ትቀንሳለች። ቃሉን «ስላምፕ» ብሎ ትቶ፣ «ቅርጹ ሲነሳ ኮንክሪቱ ዝቅ የሚልበት ልክ» የሚል ሐረግ አንዴ ማስከተል ይበቃል።

አፈር ላይ ሲደረስ ችግሩ ሌላ ነው፤ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ አማርኛ ይሰጣቸዋል። «ኮምፓክሽን»ም «ኮንሶሊዴሽን»ም «መጠቅጠቅ» ይባላሉ። የመጀመሪያው ሮለር አየሩን ከአፈሩ ማስወጣቱ ነው፣ በሰዓታት ያልቃል። ሁለተኛው በሕንፃው ክብደት ከጭቃማ አፈር ውስጥ ውሃ ቀስ እያለ መጨመቁ ነው፤ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። «አፈሩ ስለሚጠቀጠቅ ሕንፃው ይሰምጣል» የሚል የአፈር ምርመራ ሪፖርት የደረሰው ባለቤት፣ ሮለር ተከራይቶ ችግሩን የፈታ ቢመስለው አይፈረድበትም። «ውሃው እየተጨመቀ በጊዜ ብዛት መርጋት» ቢባልለት ኖሮ ገንዘቡን መሠረቱ ላይ ያውል ነበር።