«በለንደን ሰዓት» ሲባል የትኛው ሰዓት ነው?

ባለፈው ሐምሌ እዚህ ኮተቤ፣ የጎረቤቶቼ ቤት ውስጥ የሆነውን ላጫውታችሁ። የቤቱ የበኩር ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ለውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል አመልክታ ነበር። ወረቀቷ አለፈና የቀረው በኢንተርኔት የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ብቻ ሆነ። ቀጠሮው «በለንደን ሰዓት 13:00» ይላል። አባቷ ለቁጥር የማይታሙ ሰው ናቸው። «ለንደን ማለት ጂኤምቲ ነው፤ ጂኤምቲ ዜሮ፣ እኛ ደግሞ ሦስት። አሥራ ሦስት ላይ ሦስት ስትደምሪ አሥራ ስድስት፤ በእኛ አሥር ሰዓት» አሏት።

በቀኑ ልጅቷ ሸሚዟን ተኩሳ፣ ኢንተርኔቱ እንዳይጨናነቅ የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ተዘግቶ፣ ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኮምፒውተሯን ከፈተች። ስብሰባው ተጠናቋል የሚል ጽሑፍ ጠበቃት። ጠያቂዎቹ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጠብቀዋት ሄደው ነበር። ይቅርታ ጠይቃ ጻፈች፤ መልሱ ጨዋ ቢሆንም አጭር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት ትችያለሽ የሚል።

አባትየው ቁጥሩን ሲደምሩ አልተሳሳቱም። እኛ ከጂኤምቲ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ ይህ ዓመቱን ሙሉ እውነት ነው። የተሳሳቱት «ለንደን ማለት ጂኤምቲ ነው» ያሉት ላይ ነው። እንግሊዞች በመጋቢት የፈረንጅ ወር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉና በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ይመልሱታል። ስለዚህ በሐምሌ ለንደን ከጂኤምቲ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ከእኛ ጋር ያላት ልዩነትም ሦስት ሳይሆን ሁለት ብቻ ነው። ቀጠሮው በጥር ቢሆን ኖሮ የአባትየው ስሌት ልክ ይሆን ነበር።

ያ ደብዳቤ «12:00 UTC» ብሎ ቢጻፍ ኖሮ ግን በየትኛውም ወር ስህተት አይፈጠርም ነበር። ብዙዎቻችን በስልካችን የሰዓት ማስተካከያ ላይ UTC+3 ወይም GMT+3 የሚል አይተን አልፈናል። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይ? ለቀጠሮ አዎ፤ በአሠራራቸው ግን አይደሉም። ልዩነቱን ለማየት ከግቢያችን እንጀምር።

ፀሐይ ባለበት ቀን ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉና ጥላው በጣም የሚያጥርበትን ቅጽበት ጠብቁ። ያ ቅጽበት የእውነት እኩለ ቀን ነው። እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ነው ብንልም፣ ኮተቤ ላይ ጥላው በጣም የሚያጥረው በአማካይ ስድስት ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ምክንያቱም መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። አገራችን የምትጠቀምበት ሰዓት ደግሞ የተቆረጠው በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል በኩል በሚያልፈው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ልክ ነው። ኮተቤ ከዚያ መስመር ስድስት ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለምትርቅ ፀሐይ እኛ አናት ላይ የምትደርሰው 25 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው።

«በአማካይ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። መሬት በፀሐይ ዙሪያ የምትጓዝበት ፍጥነት ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም፤ ዘንግዋም ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ያው እንጨት በጥቅምት መጨረሻ ስድስት ሰዓት ከ9 ደቂቃ ገደማ፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ ስድስት ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ ላይ አጭር ጥላውን ይጥላል። እንዲህ በሚዋዥቅ ፀሐይ የግድግዳ ሰዓት ማስተካከል ስለማይቻል፣ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የዓመቱን ሁሉ አማካይ ወሰዱ። ጂኤምቲ ማለት ይኸው ነው፤ ለንደን አጠገብ ባለችው ግሪኒች ላይ የተሰላ የፀሐይ አማካይ ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ1884 በዋሽንግተን የተሰበሰቡ አገራት በግሪኒች የሚያልፈው መስመር የዓለም ዜሮ መስመር እንዲሆን ሲወስኑ፣ ዓለም ሰዓቱን ከዚያ መቁጠር ለመደ።

ነገር ግን ጂኤምቲ በመሬት መዞር ላይ የቆመ ነው። የተሻሉ ሰዓቶች ሲሠሩ መሬት ራሷ አስተማማኝ ሰዓት እንዳልሆነች ታወቀ። ጨረቃ በውቅያኖሶች ላይ የምታሳድረው ስበት እየጎተተ ያዘገያታል፤ በውስጧ ያለው ቀልጦ የሚንቀሳቀስ አካልም አንዴ ያፋጥናታል አንዴ ያዘገያታል። ልዩነቱ በቀን የሰከንድ ሺኛ ክፍል ያህል ቢሆንም ሲጠራቀም ይታያል።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1967 ሰከንድ ከመሬት ተለይታ በአቶም እንድትለካ ተወሰነ። ሲዚየም የሚባል ንጥረ ነገር አቶም የሚያወጣው ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ ሲርገበገብ አንድ ሰከንድ ሆነ ይባላል። ይህ ርግብግቢት ኮተቤም ሆነ ቶኪዮ፣ ክረምትም ሆነ በጋ አይለዋወጥም። ዩቲሲ፣ ማለትም የተቀናጀው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ የሚቆጠረው በእነዚህ ሰከንዶች ነው።

ታዲያ ዩቲሲን የሚያሳይ አንድ ትልቅ ሰዓት የትም ተሰቅሎ አይገኝም። በብዙ አገራት ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ያሉ ከ400 በላይ የአቶም ሰዓቶች ንባባቸውን ፓሪስ አጠገብ ወደሚገኘው ዓለም አቀፉ የልኬትና የሚዛን ቢሮ ይልካሉ። ቢሮው አስተማማኝ ለሆኑት የበለጠ ክብደት እየሰጠ አማካያቸውን ያወጣል፤ እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ ስንት ቢሊዮንኛ ሰከንድ እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ በየወሩ ይነግራል። አንዱ ሰዓት ቢበላሽ የዓለም ሰዓት አይቆምም። ስሙም ቢሆን የማንም አይደለም፤ የሦስቱ ፊደላት አቀማመጥ ከእንግሊዝኛውም ከፈረንሳይኛውም የቃላት ቅደም ተከተል ጋር አይገጥምም። ሁለቱንም ለማስማማት የተመረጠ ነው።

አቶሙ ወጥ ሆኖ ሲቆጥር መሬት ወደኋላ ብትቀርስ? እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ መፍትሔው አንዲት ሰከንድ መጨመር ሆኗል። ዩቲሲ ከመሬት መዞር ከ0.9 ሰከንድ በላይ እንዳይርቅ ሲባል እስካሁን 27 ጊዜ ተጨምሯል። የመጨረሻዋ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሌሊት ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ያች ደቂቃ 61 ሰከንድ ነበራት። ለእኛ ምንም አልነበረም፤ ኮምፒውተሮች ግን «ስድሳኛ ሰከንድ» የሚባል ነገር ሲመጣባቸው ይደናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የገባችው ሰከንድ አውስትራሊያ ውስጥ የመንገደኞች መመዝገቢያ ሥርዓት አስተጓጉላ በረራዎች እንዲዘገዩ አድርጋለች። በዚህ የተነሳ እስከ 2035 ድረስ አሠራሩ እንዲቀየርና ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ በላይ እንዲሰፋ አገራት ተስማምተዋል።

እንግዲህ በጂኤምቲና በዩቲሲ መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ለቀጠሮ ምንም አይደለም። ለሳተላይትና ለአቅጣጫ መጠቆሚያ ግን አንዲት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ብትዛነፍ የ300 ሜትር ስህተት ታመጣለች።

ሁላችንም የምናስታውሰውን አንድ ቀን እንውሰድ። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ፣ እንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከል የተሰበሰቡ ሰዎች በማለዳው ብርድ በቀጥታ ስርጭት ይከታተሉ ነበር። ቻይናውያን ከረፋዱ 11:20 ገደማ አሉ። እንጦጦ ያለው ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ20 አለ፤ ያው ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር 6:20 ነው። ዋሽንግተን ያለው ዘመድ ደግሞ ገና የትናንትናው ምሽት ላይ ነበር። ይህ ሁሉ አንድ ቅጽበት ነው፤ በዩቲሲ 03:20 ገደማ ተብሎ ይጻፋል። የበረራ ባለሙያዎችም በዚሁ ይሠራሉ። የቦሌ የአየር ሁኔታ ዘገባ እንኳ የሚወጣው በዩቲሲ ነው። የመንገደኛ ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ግን ዩቲሲ አይደለም፤ መነሻው የመነሻ ከተማው፣ መድረሻው የመድረሻ ከተማው ሰዓት ነው።

አሁን ለቤታችሁ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ዩቲሲን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሰዓታችን ለመለወጥ ሦስት ትደምራላችሁ፤ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት ስድስት ትቀንሳላችሁ። ሁለቱ ሲጣመሩ ሦስት መቀነስ ብቻ ይሆናል። 12:00 ከሆነ 12 ሲቀነስ 3፣ ዘጠኝ ሰዓት። 18:00 ከሆነ 15 ይወጣል፤ ከ12 ስለበለጠ 12 ቀንሱለት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ቁጥሩ ከሦስት ካነሰ ደግሞ ዘጠኝ ደምሩበት፤ 01:00 ማለት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። የሚያሳስተው ከ21:00 በኋላ ያለው ነው፤ በዚያ ሰዓት እዚህ የፈረንጆቹ ቀን ስለተለወጠ በቀኑ ላይ አንድ ትጨምራላችሁ።

ቀጠሮው በከተማ ስም ከመጣላችሁ ግን አትገምቱ። «ይህ በዩቲሲ ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጥያቄው አያሳፍርም። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ሲደውልም በጋና ክረምቱን አስቡ። ዋሽንግተን ላይ ልዩነታችን በበጋቸው ሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ስምንት ነው፤ የሚለወጠው የእነሱ እንጂ የእኛ አይደለም።

ጎረቤቴ ዘንድሮ እንደገና አመልክታለች። ባለፈው ሳምንት ቀጠሮዋን ስትቀበል መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር፤ መልሱም «09:00 UTC» ብሎ መጣ። አባቷ «ከዘጠኝ ላይ ሦስት ሲቀነስ ስድስት ሰዓት» ካሉ በኋላ፣ እሷም ለብቻዋ አስልታ ያንኑ አገኘች።