የፖሃንግ ብረትና የእኛ ሁለት ሰበቦች

እ.ኤ.አ. በ1951 የቃኘው ሻለቃ ጦር ኮሪያ መድረሱ በአገራችን የተማረ ሰው ወግ ውስጥ የማይቀር መክፈቻ ነው። «ያን ጊዜ እኛ ልንረዳቸው ዘመትን፤ ዛሬ እነርሱ እኛን ይረዳሉ» ይባላል፤ ከዚያም ረዥም ትንፋሽ ይከተላል። ከቁጭቱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከትንፋሹ በኋላ ከሚመጡት ሁለት መልሶች ጋር ነው። አንደኛው ወገን «ባህላችን፣ ስንፍናችን፣ ኋላ ቀርነታችን ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ባለጸጎቹ አገሮች ድህነታችንን ስለሚፈልጉት ነው» ይላል። ሁለቱንም መልሶች ለዓመታት በክፍል ውስጥ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ሁለቱም አንቱ የተባሉ አባቶች አሏቸው። አባቶቻቸው ከልጆቻቸው ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩና ፍርዱን ከእነርሱ እንጀምር።

የመጀመሪያው መልስ አባት አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ ዋልት ሮስቶው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ አገሮች ሁሉ በአምስት ደረጃዎች እንደሚያልፉ ጻፈ፤ ከባህላዊው ኅብረተሰብ ተነሥተው፣ ለዕድገት ተሰናድተው፣ እንደ አውሮፕላን ከመሬት ተነሥተው፣ ጎልምሰው፣ በመጨረሻ ወደ ብዙ ሸቀጥ ዘመን ይደርሳሉ። የዘመናዊነት ንድፈ ሐሳብ የምንለው እምብርቱ ይህ ነው። ድሃ አገር ማለት ዘግይቶ የተነሣ መንገደኛ ነው፤ ከፊቱ ያሉት የሄዱበትን መንገድ ከተከተለ ይደርሳል። ሮስቶው ለመነሻው ደረጃ መለኪያ አስቀምጧል፦ ለአምራች መዋዕለ ንዋይ የሚውለው ድርሻ ከብሔራዊ ገቢ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከነበረበት ተነሥቶ ከ10 በመቶ በላይ መውጣት አለበት።

የሁለተኛው መልስ ወላጆች በዛ ያሉ ናቸው። አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ፣ ቡናና ጥጥ ሸጠው ማሽን የሚገዙ አገሮች ዘመን በገፋ ቁጥር ለአንድ ማሽን የሚከፍሉት ጆንያ እየበዛ እንደሚሄድ አመለከቱ። አንድሬ ጉንደር ፍራንክ በ1960ዎቹ ይህን ወደ ዳር ገፋው። ለእርሱ ድሃ አገር የዘገየ መንገደኛ አይደለም፤ ያደኸየው ከባለጸጋው ጋር ያሰረው ገመድ ራሱ ነው። ፍራንክም የሚፈተን ቃል ተናግሯል፦ የዳርቻው አገሮች ይበልጥ የሚያድጉት ከማዕከሉ ጋር ያላቸው ትስስር በላላበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሁለቱንም በተናገሩት ቃል እንያዛቸው።

ሮስቶውን በእኛው አገር እንፈትነው። በ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ኢትዮጵያ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ ከ30 በመቶ በላይ ለመዋዕለ ንዋይ ታውል ነበር፤ ይህም ሮስቶው ከጠየቀው ሦስት እጥፍ ነው። መንገዱ ተሠራ፤ ሕንፃው ቆመ፤ ዩኒቨርሲቲው በየክልሉ ተከፈተ። የፋብሪካ ምርት ድርሻ ግን ከአሥር በመቶ በታች እንዳለ ቀረ። ሮስቶው በበኩሉ ጠንካራ የፋብሪካ ዘርፍ መውጣትንና ዕድገቱን የሚሸከም ሥርዓትንም ከመነሻው ደረጃ ምልክቶች ቆጥሯቸዋል። ነገር ግን እነዚህ ከየት እንደሚመጡ የነገረን ጥቂት ነው፤ ተከታዮቹ ደግሞ መቶኛውን ይዘው የቀረውን ጣሉት። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ነገር ይህ ነው።

ፍራንክን ደግሞ በኮሪያ እንፈትነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 የነፍስ ወከፍ ገቢዋ በዓመት ከ100 ዶላር በታች ነበር። የአሜሪካ ጦር ሰፍሮባታል፤ ባጀቷ በአሜሪካ እርዳታ ይደገፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ለ35 ዓመታት ከገዛቻት ከጃፓን ጋር ስምምነት ፈርማ በጃፓን ገንዘብና ቴክኒክ መሥራት ጀመረች። በፍራንክ ሚዛን ከዚህ የባሰ የታሰረ ዳርቻ አይገኝም። ፈጥና ያደገችው ግን ገመዱ በጠበቀበት በዚያው ዘመን ነው።

ሁለቱ ንድፈ ሐሳቦች አንድ ቦታ ላይ ተጋጭተው ሁለቱም የወደቁበትን ታሪክ የመረጠ ሰው ወደ ፖሃንግ ይሂድ። ኮሪያ በ1960ዎቹ የተሟላ የብረት ፋብሪካ ልሥራ ብላ ተነሣች። የረባ የብረት ማዕድን የላትም፤ ብረት ለማቅለጥ የሚሆን የድንጋይ ከሰል የላትም፤ ካፒታል የላትም፤ ገበያዋም ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የምዕራብ ኩባንያዎች ማኅበር ለዚሁ ሥራ ተቋቋመ። ገንዘቡ ግን አልተገኘም፤ በ1968 እና 1969 የዓለም ባንክ ዕቅዱ አያዋጣም ብሎ ደመደመ፤ ማኅበሩም ፈረሰ። የባንኩ ምክር የሮስቶው መንፈስ ነበረው፦ ደረጃህን ጠብቅ፣ ጊዜህ ሲደርስ ትሠራዋለህ።

ኮሪያውያን ደረጃቸውን አልጠበቁም። በ1965ቱ ስምምነት ጃፓን ልትሰጥ ከተስማማችው 300 ሚሊዮን ዶላር ስጦታና 200 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት ብድር ከፊሉን ከሌላ ሥራ አዙረው ለፋብሪካው አዋሉት። ቴክኒኩን ከጃፓን የብረት ኩባንያዎች ወሰዱ። ግንባታው በ1970 ተጀምሮ በ1973 አለቀ፤ የመጀመሪያው አቅም በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ፋብሪካው ሥራ በጀመረበት ዓመት አተረፈ፤ ከጊዜ በኋላም ከዓለም ታላላቅ የብረት አምራቾች አንዱ ሆነ። የዘመናዊነቱ ወገን አያዋጣም ያለው አዋጣ። የጥገኝነቱ ወገን ደግሞ የቀድሞ ቅኝ ገዢ ገንዘብና ዕውቀት ለባርነት ካልሆነ አይሰጥም ይል ነበር፤ የተሰጠው ግን ኮሪያ ከራሷ ከጃፓን ጋር ገበያ እንድትሻማ አስቻላት።

ታዲያ ምን ተሠራ? አሊስ አምስደን እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ኮሪያ ባሳተመችው ጥናት ያቀረበችው መልስ እስከ ዛሬ ያሳምነኛል። ድጎማ ድሃ አገር ሁሉ ይሰጣል። የገበያ ከለላ ድሃ አገር ሁሉ ይሰጣል። ኮሪያን የለየው በምላሹ የተጠየቀው ነገር ነው። ባንኮቹ ከ1961 ጀምሮ በመንግሥት እጅ ነበሩ፤ ከገበያው ወለድ እጅግ ባነሰ ወለድ ያበድሩ ነበር። ብድሩን የሚያገኘው ግን ወደ ውጭ የላከ ነው። ከ1965 ጀምሮ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ በየወሩ በሚመራው ስብሰባ የላኪዎች ውጤት ከዕቅዱ ጋር ይመሳከር ነበር፤ ያልቻለ ብድሩን ያጣል። ወደ ውጭ መላክ ዶላር ከማምጣቱ በላይ ፈተና ነበር፤ የባዕድ ገዢ ባለሥልጣን አያውቅምና በአማላጅ አይገዛም። በፖሃንግ በ1977 ሊጠናቀቅ የተቃረበ ግንባታ ኮንክሪቱ ጉድለት ስለተገኘበት ኃላፊው ፓርክ ቴ ጁን በፈንጂ እንዲፈርስ አድርጓል ተብሎ ይተረካል። የመንግሥት ኩባንያ ኃላፊ የገዛ ሥራውን በአደባባይ ያፈረሰበትን ሌላ ምሳሌ አንባቢ ያስብልኝ።

ለማነጻጸሪያ ሩቅ አንሄድም። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) እ.ኤ.አ. በ2010 ሲቋቋም የኮሪያ ስም ብዙ ጊዜ ይነሣ ነበር። የስኳር ፋብሪካ፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ፣ ሁሉም ተሰጠው። በ2018 የግድቡ ውል ከእጁ ተወሰደ፤ ማዳበሪያ ፋብሪካውም በእጁ አላለቀም። ከኮሪያ የወሰድነው ድጎማውንና ከለላውን ነው። ወርኃዊውን ፈተና አልወሰድንም። የተፎካካሪ ዋጋ የማያይ፣ ምርቱን ለባዕድ የማይሸጥ፣ ሲያጠፋ ብድሩ የማይቆም ድርጅት ዘንድ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ተረት ሳይሆን የሥራ መመሪያ ይሆናል። ይህን የአሜሪካ ሴራ አላመጣውም፤ የገበሬያችን ባህልም አላመጣውም።

«ፓርክ አምባገነን ነበር፤ ሚስጥሩ በትሩ ነው» የሚሉኝ አሉ። አምባገነን ነበር፤ በ1972 ሕገ መንግሥቱን ሽሮ ሥልጣኑን አጸና፤ ሠራተኞችም ብዙ ግፍ ተቀብለዋል። በዚያው ዓመት ግን ፈርዲናንድ ማርኮስ በፊሊፒንስ ወታደራዊ አገዛዝ አወጀ። በትሩ አንድ ነው፤ የአሜሪካ ወዳጅነቱና የጦር ሰፈሩም አንድ ነው። ማርኮስ የስኳርና የኮኮናት ንግዱን ለወዳጆቹ አደላደለ፤ ውጤት ግን አልጠየቃቸውም፤ በ1983 አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል አቃታት። ልዩነቱ በትሩ በማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1950 ባካሄደችው የመሬት ማሻሻያ ባላባቱን አዳክማ ነበርና መንግሥትን አስገድዶ የሚይዝ የመሬት ከበርቴ አልነበረም፤ በፊሊፒንስ ነበር። እኛም በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ባላባቱን አስወግደናል፤ በቦታው የተተካው ግን ማንም ውጤት የማይጠይቀው የመንግሥት ድርጅት ሆነ።

ይህ ማለት ሁለቱ ንድፈ ሐሳቦች ወደ እሳት ይጣሉ ማለት አይደለም። የጥገኝነቱ ወገን ገመዱ እንዳለ ሲነግረን እውነቱን ነው። በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉት ወጣት ሴቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስታስወጣ፣ ከዚያም አስቀድሞ በኅዳር 2021 ታላቁ ገዢ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ውሳኔው ከስፌት ችሎታቸው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። የዘመናዊነቱም ወገን የውስጥ ለውጥ ካልመጣ የውጭ ገንዘብ ብቻውን አያሳድግም ሲል ትክክል ነው። ስሕተታቸው የጋራ ነው። አንዱ ገመዱን አያይም፤ ሌላው ገመዱን ብቻ ያያል። ሁለቱም ቤተ መንግሥቱን ዘለው ያልፋሉ።

ለዚህም ይመስለኛል በሹማምንት ዘንድ ሁለቱም የሚወደዱት። ሮስቶውን የሚጠቅስ ሹም «ደረጃችን ገና ነው፣ ሕዝቡ ይለወጥ» ይላል። ፍራንክን የሚጠቅስ ሹም «ጠላት አላሠራ አለን» ይላል። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ሥራ ላይ ያለውን ሰው ከጥያቄ ያድናሉ። እኛ ምሁራኑም ንግግሩን ስናዘጋጅላቸው ቆይተናል።

ስለዚህ ወደፊት የኮሪያ ስም በአዳራሽ ሲነሣ ከአንባቢ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስለ ባህልም ስለ ሴራም ከመከራከራችን በፊት እንዲህ እንጠይቅ፦ ይህ ድርጅት ርካሽ ብድር፣ የውጭ ምንዛሪ ወይም መሬት ሲሰጠው በምላሹ ምን ውጤት፣ በስንት ጊዜ፣ በየትኛው ገበያ ተጠይቋል? ያላሳካ ዕለት ምን ያጣል? ይህንንስ የሚያነበው ማነው? መልሱ በጽሑፍ ያልሰፈረበት ድጎማ የልማት ፖሊሲ አይደለም፤ ስጦታ ነው። የስጦታው ባለቤት ደግሞ የቃኘውን ዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች ጨምሮ፣ ቀረጥ የሚከፍለው ሕዝብ ነው።

ቸር ይግጠመን።