«ሰዋስዉን ብቻ እይልኝ»

የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ወቅት ሲደርስ ይህች አጭር መልእክት ከስልኬ አትጠፋም። ተማሪው ፐርሰናል ስቴትመንቱን ያያይዝና «ወንድሜ፣ ታሪኩን ተወው፣ ሰዋስዉን ብቻ እይልኝ» ይላል። ቀላል ልመና ይመስላል፤ ኮማ ማስገባት፣ የተዘነጋች ኤስ መጨመር።

እኔ ግን እንዲህ የሚባል ሥራ የለም ባይ ነኝ። በአማርኛ ታስቦ በእንግሊዝኛ የተጻፈን ዓረፍተ ነገር የሚያርም ሰው የግሱን ጊዜ ሲመርጥ፣ የሆነውን ነገርም እየመረጠ ነው። ሳይጠይቅ ከመረጠ ደግሞ፣ ሳያስበው የሌላ ሰው ሕይወት እየጻፈ ነው።

በአንድ አንቀጽ ላሳያችሁ። ባለቤቷ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ዩኒቨርሲቲዋን ትቻቸዋለሁ። የዘንድሮ የአካውንቲንግ ተመራቂ ናት፣ ለማስተርስ ታመለክታለች። ጽሑፉ እኔ ጋ ሲደርስ አንድ እንግሊዝኛ ይችላል የተባለ የሰፈሯ ልጅ አስቀድሞ «አስተካክሎት» ነበር። ደግነቱ የመጀመሪያውን ረቂቅ አላጠፋችውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኳቸው።

በራሷ ረቂቅ ላይ «ማይ ፋዘር ሰፐሬትድ ፍሮም አስ» ብላለች። የታረመው ደግሞ «ማይ ፋዘር አባንደንድ አስ» ይላል። ሁለተኛው በሰዋስው እንከን የለውም። ደወልኩላት።

«አባትሽ ጥሏችሁ ነው የሄደው?»

«ኧረ! ሞቶ ነው እንጂ። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ነው የተለየን።»

አያችሁት? በአማርኛ «አባቴ ተለየን» ስንል ሰው ስለ ሞት እንደምናወራ ይገባዋል። ቃሉ ለሐዘን ያለን ጨዋ አነጋገር ነው። እንግሊዝኛው «ሰፐሬትድ» ግን ሞትን አይሸከምም፤ የሚሸከመው የባልና ሚስት መለያየትን ነው። አራሚው የተጣመመ ዓረፍተ ነገር አየ፣ ትርጉሙን ገመተ፣ ከገመተው ደግሞ ጠንካራውን ቃል መረጠለት። ልጅቷ «አባንደንድ» የሚለውን ቃል ስታየው «ተለየን» የሚለው የተሻለ እንግሊዝኛ መስሏት ዝም ብላለች። ማመልከቻ ቅጹ ላይ ደግሞ «አባት፦ በሕይወት የለም» ብላ ሞልታለች። ሁለቱን ወረቀት አንድ ላይ የሚያነብ ገምጋሚ ምን ሊል እንደሚችል አስቡት። ገምጋሚው እንኳ ባያየው፣ አንድ ሰው ልጁን ሳይክድ በስሙ ከሃዲ ተብሎ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ማድረግ ያለብን መገመት ሳይሆን መጠየቅ ነበር። መልሱ ሲመጣ ማስተካከያው አንዲት ቃል ናት፤ «ዳይድ»።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ስውር ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። ልጅቷ በአማርኛ ብትጽፈው የሚከተለውን ነበር የምትለው፦ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ፣ ምድጃውን ለኩሼ፣ እናቴ የጋገረችውን እንጀራ ለሁለት ምግብ ቤቶች አድርሼ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር።» የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አሠራር እዚህ ላይ በደንብ ይታያል። ተነስቼ፣ ለኩሼ፣ አድርሼ የሚሉት ቦዝ አንቀጾች የራሳቸው ጊዜ የላቸውም። መጨረሻ ላይ የመጣው «እሄድ ነበር» ሁሉንም ይገዛቸዋል፤ ድርጊቱ በየቀኑ ይደጋገም እንደነበር የሚነግረንም እሱ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ አያደርግም። እያንዳንዱ ግስ ጊዜውን ራሱ ይሸከማል። ተማሪያችን «እሄድ ነበር»ን ቃል በቃል ገልብጣ «አይ ዋዝ ጎይንግ» አለች፤ ለሌሎቹም «አይ ዋዝ ዌኪንግ»፣ «አይ ዋዝ ላይቲንግ»። ይህ ስህተት የብዙዎቻችን ነው። እንግሊዝኛው ሲነበብ በአንድ ቅጽበት ላይ እያደረገችው የነበረችውን ነገር የምትተርክ ይመስላል።

አራሚው ስህተቱን አይቶታል። መድኃኒቱ ግን «አይ ዎክ አፕ፣ ሊት፣ ዌንት» ነበር፤ ተነሣሁ፣ ለኮስኩ፣ ሄድኩ። ሰዋስው ተስተካከለ፤ የዓመታት ልፋት ግን የአንድ ሌሊት ገጠመኝ ሆነ። ትክክለኛው «አይ ዩዝድ ቱ» ወይም «ዉድ» ነው፤ ካልሆነም ተራውን የኃላፊ ጊዜ ትቶ ፊቱ ላይ «ኤቭሪ ሞርኒንግ» ማድረግ። ልዩነቷ ሁለት ቃል ናት፤ ልጅቷ ስለራሷ ልትናገር የፈለገችው ነገር በሙሉ ግን ያለው እዚያች ሁለት ቃል ውስጥ ነው።

ጎኑ ላይ በአስተያየት «ለስንት ጊዜ?» ብዬ ጻፍኩ። «ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል» ብላ ራሷ አስገባችው። እኔ ብጨምረው ኖሮ ግምት ይሆን ነበር።

ሰዓቱን ደግሞ ተመልከቱት። «ከሌሊቱ 11» የምትለዋን «ኢሌቨን ኦክሎክ አት ናይት» ብላ ነበር የጻፈችው፤ አራሚው አሳጥሮ 11 ፒኤም አደረገው። እንጀራው እኩለ ሌሊት ሊደርስ ነው እንግዲህ! የእኛ 11 ሰዓት ንጋት የእነሱ 5 ኤኤም ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት የትኛውም የፊደልና የሰዋስው ማረሚያ አያሰምርበትም፤ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው።

ዓመተ ምሕረቱም ያው ነው። አባቷ ያረፉት በ2009 ነው ብላለች። ዓለም ላይ ይህን የሚያነብ ሰው በራሱ 2009 ነው የሚረዳው። የ12ኛ ክፍል ውጤቷ ላይ ያለው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር 2022 ነው። ስለዚህ ገምጋሚው ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል 13 ዓመት የፈጀች ተማሪ ያያል። «ወሩ መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት፤ የካቲት አለችኝ። የካቲት 2009 ማለት 2017 ነው። ጥቅምት ብትለኝ ኖሮ 2016 ይሆን ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 እንደምር የታወቀ ነው፤ ወር ሳይጠይቅ ዓመት የሚለውጥ አራሚ ግን በአንድ ዓመት ይስታል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የልጅቷ ረቂቅ የሚጀምረው በእናቷ ነበር። እናቷ መጻፍ አይችሉም። የምግብ ቤቶቹን ዱቤ በከሰል ግድግዳ ላይ ጭረት እያደረጉ ይይዛሉ፤ ሲከፈላቸው በእርጥብ ጨርቅ ያጠፉታል። «እናቴ አካውንቲንግ የሚለውን ቃል አታውቀውም፣ ግን ስትሠራው ነው ያየኋት» ብላ ጀምራለች። በእንግሊዝኛው ውስጥ ያለው ስህተት አንድ ብቻ ነበር፤ «ደዝ ኖት ኖውስ» የምትል፣ አንዲት ኤስ የተረፈቻት። አራሚው ግን ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ አንስቶ «ከለጋ ዕድሜዬ ጀምሮ ለፋይናንስ ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ» የሚል ተክቶበታል። ስንት ሰው ነው ከለጋ ዕድሜው ጀምሮ ለፋይናንስ ፍቅር ያለው?

የእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዎችን የሚቀበለው ዩካስ የማመልከቻ ጽሑፎችን በኮምፒዩተር ሲያመሳክር 234 አመልካቾች ተመሳሳይ የልጅነት ታሪክ ጽፈው ማግኘቱ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ተዘግቦ ነበር። ሁሉም በስምንተኛ ልደታቸው በኬሚስትሪ መሞከሪያ ዕቃ ሲጫወቱ ፒጃማቸውን አቃጥለው በስተዋል! መነሻው በናሙናነት ይዘዋወር የነበረ ጽሑፍ ነው። የእኛም ሰፈር የራሱ ፒጃማ አለው፤ «ከለጋ ዕድሜዬ ጀምሮ»፣ «ከትንሽ የገጠር መንደር ተነስቼ»። የከሰሉን ጭረት ግን ማንም አይደግመውም፤ የአንድ ቤት ግድግዳ ነው። መለስኩት፣ ኤሷን ብቻ አነሣሁ።

ዝም ብዬ የማርመውስ የለም ወይ? ሞልቷል። የጠፉ «ኤ» እና «ዘ»፣ «ዲስከስ አባውት»፣ «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይስስ»፣ ነጥብ አጥቶ የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር። እነዚህን ማንም ሳይጠየቅ ያርማቸዋል፤ ከየትኛውም ወገን ቢታዩ ትርጉማቸው አንድ ነው። የእኔ መለያ ይህችው ናት፦ ዓረፍተ ነገሩ የሚታረምበት መንገድ አንድ ብቻ ከሆነ አርማለሁ፤ ሁለት ከሆነና ሁለቱ የተለያየ ነገር የሚናገሩ ከሆነ እጄን አነሣና እጠይቃለሁ።

ጋዜጠኛ ስለሆንኩ አንድ ፈተና ነበረብኝ፤ እሱንም ልንገራችሁ። «የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አልፌያለሁ» ብላ በአንዲት መስመር አልፋዋለች። የተፈተነችው ጥቅምት 2015 ነው፤ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠበት፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑበት ጊዜ። ውጭ ያለ ገምጋሚ ይህን አያውቅም። ጽሑፉ ውስጥ ባስገባው እወድ ነበር፤ በአስተያየት ብቻ አሳየኋት። «አይሆንም፣ የወደቁት አብሮ አደጎቼ ላይ የቆምኩ ይመስልብኛል» አለችኝ። ተወው። እኔ ብሆን አስገባው ነበር። ጽሑፉ ግን የእኔ አይደለም።

«ኮሚቴው እንባ ይፈልጋል፣ ሁሉም እያሳመረ እሷ ብቻ ለምን ትጎዳ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ክርክሩ ይገባኛል፤ የሚወዳደሩት ተከፍሎት ከሚጽፍ ሰው ጋር ጭምር ነው። ነገር ግን እንደ ቼቭኒንግ ያሉት ዕድሎች ቃለ መጠይቅ አላቸው። «ስለ አባትሽ ጥሎ መሄድ ንገሪን» ብትባል ምን ልትመልስ ነው? የጻፈችውን ቃል ትርጉም እዚያው ወንበር ላይ ልትሰማው ነው።

አሠራሩን ለምትጠይቁኝ፦ ጎግል ዶክ ላይ ከ Editing ወደ Suggesting እቀይራለሁ፤ የነካሁት ሁሉ በቀለም ይታያል፣ የምትቀበለውም የምትጥለውም እሷ ናት። አንዴ ምንም ሳልነካ አነባለሁ። ከዚያ ጥያቄዎቼን ጎን ላይ እጽፋለሁ፣ መልስ ሲመጣ አርማለሁ። በመጨረሻ እደውልና የታረመውን እያየች በአማርኛ እንድትተርክልኝ አደርጋለሁ። አፏ የሚለውና ወረቀቱ የሚለው ከተለያዩ፣ ወይም አንዲት ቃል ላይ ደርሳ «ይቺ ምን ማለት ናት?» ካለች፣ ያ ቦታ ወደ ድሮው ይመለሳል። «አባንደንድ» በዚህ ፈተና አንድ ደቂቃም አትቆይም ነበር።

ይህ ሁሉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይፈልጋል፤ ለመጠየቅም ለመመለስም። ስለዚህ «ዴድላይኑ ዛሬ ማታ ነው፣ ሰዋስዉን ብቻ» እያላችሁ የምትልኩልኝ፣ አትቀየሙኝ፣ እኔ ጋ አይሆንም።