ከፍታው የወሰደውን ጉልበት ቴስታታ ማስላግ አይመልስም

በእኛ በእጩ መምህራን መካከል አንድ ክርክር ከተነሣ ሰንብቷል። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። የቤንዚን ሞተር ሳይክል እዚህ ዳገት ላይ ሲደክም የሚታየውም በዚሁ ነው። ታዲያ አንዳንድ ጓደኞቻችን «አየሩ ስለሳሳ የሞተሩ ብቃት ወርዷል፤ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግና ኮምፕሬሽኑን መጨመር ነው» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ጉልበትና ብቃት ተደበላልቀዋልና፣ ነገ ተማሪ ፊት ከመቆማችን በፊት ዛሬ እንለያቸው።

በካንዴላ የሚነሣ ሞተር አየርና ቤንዚን ጨምቆ ያቃጥላል። ፒስተኑ ታች ሲሆን ያለው ቦታ፣ ላይ ጫፍ ሲደርስ ለሚቀረው ቦታ ሲካፈል የመጭመቂያ ውድር ይባላል፤ r እንበለው። ቤንዚኑን ለጊዜው ትተን በሲሊንደሩ ውስጥ ንጹሕ አየር ብቻ እንዳለ ብንቆጥር ብቃቱ የሚከተለው ነው፦

η = 1 − 1/r^0.4

እስቲ ልብ ብለን እንየው። በዚህ ቀመር ውስጥ የውጭው አየር ግፊት የለም። ከፍታም የለም። በቦንጋ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 81 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ያንሳል፣ የሚቃጠለው ቤንዚን ያንሳል፣ የሚገኘውም ሥራ አብሮ ያንሳል። ሥራው ለሙቀቱ ሲካፈል ግን ውጤቱ ያው ነው። በትንሽ ጀበና ያፈላ ሰው ዱቄቱንም ውሃውንም አብሮ ከቀነሰ ጥቂት ስኒ ይቀዳል እንጂ ቡናው አይቀጥንም፤ ይኸም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ መላጉ እንምጣ። ፒስተኑ የሚጠርገው 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ላይ የሚቀረው 12.5 ይሁን። 112.5 ለ12.5 ሲካፈል r = 9 ይሆናል፤ ብቃቱም 58.5 በመቶ። ቴስታታው ተልጎ የሚቀረው ቦታ 10 ቢሆን፣ 110 ለ10፣ r = 11 ይሆናል፤ ብቃቱ 61.7 በመቶ። በባሕር ዳርቻ 100 የነበረው ጉልበት እዚህ 81 ሆኗል ካልን፣ ከመላጉ በኋላ 85 ቢሆን ነው። የቀረው የት ሄደ? አየር የለማ! ደግሞም r ከ4 ወደ 6 ሲያድግ ብቃቱ ከ42.6 ወደ 51.2 ይዘላል፤ ከ9 ወደ 11 ግን ጭማሪው ሦስት ነጥብ ያህል ብቻ ነው። ወደ ላይ በሄድን ቁጥር ትርፉ ይሳሳል።

ዕዳው ግን አይሳሳም። በ27 ዲግሪ የገባ አየር በ9 ሲጨመቅ ወደ 450 ዲግሪ፣ በ11 ሲጨመቅ ወደ 510 ዲግሪ ይደርሳል። ይህም ገና ካንዴላው ሳይተኩስ ነው። ከዚህ የተነሣ ጥግ ላይ ያለው ቤንዚን እሳቱ ሳይደርሰው በራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ቦንጋ ላይ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ችግሩ በመጠኑ ይደበቃል። ወደ ጅማ ሲኬድ ጎጀብ ሸለቆ ውስጥ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃልም፤ ከዚያ ዳገቱን ለመውጣት ነዳጅ ሲሰጠው ብረት በብረት እንደ መምታት ያለ ድምፅ ይሰማል። እሱን እያዩ ዝም ማለት ፒስተን እስከ መብሳት ያደርሳል።

እውነተኛው ሞተር 58 በመቶ አይሰጥም፣ ግማሹን ከሰጠም ደህና ነው። ሙቀት በግድግዳው ይወጣል፣ ፍትጊያ አለ፤ የጋለው ጋዝም እንደ ቀዝቃዛ አየር አይሆንም፤ 0.4 የነበረው ወደ 0.3 ቢወርድ ለr = 9 የሚገኘው 48 በመቶ ብቻ ነው። ቀመሩ አቅጣጫውን ያሳያል እንጂ የነዳጅ ሒሳብ አይደለም።

«ታዲያ እዚህ ቤንዚን የሚበላው ለምንድን ነው?» የሚል ካለ ካንዴላውን ፈትቶ ይይ። በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ለቆላ አየር ከተስተካከለ ደጋ ላይ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ይህ ብክነት የድብልቁ ነው፣ የውድሩ አይደለም። መድኃኒቱም የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ ማሳነስ ነው፤ ቶርኖ ቤት መሄድ አያሻም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፦ ቀመሩን በጥቁር ሰሌዳ ጽፈን ቁጥር በማስገባት ብቻ አናስተምር። ከአሮጌ ሞተር ፒስተኑን ጫፍ ላይ አድርገን፣ ሁለቱም ቫልቮች እንደተዘጉ፣ በካንዴላው ቀዳዳ በመርፌ ሲሪንጅ ዘይት እየለካን እስኪሞላ እንጨምር። የገባው ዘይት የሚቀረው ቦታ ነው። ተማሪው r ን በእጁ ለክቶ ካገኘው ጉልበትና ብቃት አይምታቱበትም።